ዋሌቱን ትቼ ቦርሳ ላይ ብቻ ልሥራ?

ቆዳ ሠሪዋ፦ የሴት ቦርሳና የወንድ ዋሌት እሠራለሁ። በወር 40 ቦርሳ በ1,800 ብር፣ 60 ዋሌት ደግሞ በ450 ብር እሸጣለሁ። ቆዳው፣ ገበሩ፣ ዚፑና ለሰፊው በቁራጭ የምከፍለው ሲደመር ቦርሳው 1,120፣ ዋሌቱ 300 ብር ይወስዳል። የቤት ኪራይ 12,000 ነው፤ ለ100ው ዕቃ ሳካፍለው 120፣ 120 ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ከዋሌቱ የምትተርፈኝ 30 ብር ናት። ልተወው?

ነጋዴው፦ ተይው እንጂ! ኪራዩ ሳይቆጠር ከቦርሳው 680 ይተርፍሻል፣ ከዋሌቱ 150። በመቶኛ ብታሰዪውም 38 ለ33 ነው። ምን ያከራክራል?

የጁስ ቤት ልጅ፦ ዋጋ ጨምሪ እህቴ። እኔ አቮካዶ ሲወደድ ጨምሬ አንድም ደንበኛ አልሄደብኝም።

ሒሳብ ያዥዋ፦ የጁሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ኪራዩን ለዕቃ አታካፍይው። ዋሌት መሥራት ስላቆምሽ አከራይሽ ይቀንስልሻል? ዕቃው በተሠራ ቁጥር የሚወጣውን ወጪ ብቻ ቀንሺ። ያኔ ከአንድ ዋሌት 150 ብር ይቀራል፤ 60ው 9,000 ያመጣሉ። ኪራዩን የሚገፋልሽ እሱ ነው። ኮንትሪቢውሽን ማርጂን የሚሉት ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ስንት ማሽን አለሽ? አንዱ ዕቃስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ቆዳ ሠሪዋ፦ አንድ ማሽን፣ አንድ ሰፊ። ቦርሳው 4 ሰዓት፣ ዋሌቱ 40 ደቂቃ። በወር ከ200 ሰዓት በላይ አንችልም፣ ሞልቷል።

ሒሳብ ያዥዋ፦ እንግዲያው ማነቆሽ ማሽኑ ነው። አንድ ቦርሳ በሚሰፋበት 4 ሰዓት 6 ዋሌት ይወጣል። ቦርሳው 680 ሲያስቀርልሽ ዋሌቶቹ 900 ያስቀራሉ። ዋሌቱን ብትተይ የምታተርፊው 40 ሰዓት 10 ቦርሳ ያወጣል። 6,800 ለማግኘት 9,000 ልትለቂ ነው። ይልቅ የዋሌት ገዢ ፈልጊ። ይህ ግን ማሽኑ ሲጨናነቅ ነው። ገበያ ቀዝቅዞ ማሽኑ ሥራ ከፈታ ሰዓቱን ተይውና በአንድ ዕቃ 680 የሚያመጣውን ቦርሳ ግፊ።

ነጋዴው፦ በወረቀት ያምራል። 60ው ተሸጦ ሰባኛው ይሸጣል ወይ? ደግሞ ሰው ሱቅ የሚገባው ቦርሳ አይቶ ነው፤ ዋሌቱን የሚጨምረው ከገባ በኋላ ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ይሄ ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ያለው እሷ ጋ ነው። ዋሌት ብቻ የገዛውንና ከቦርሳ ጋር የወሰደውን ለይታ ትመዝግብ።

ቆራጩ፦ ለዋሌቱ የያዝሽው የቆዳ ዋጋ የአዲስ ቆዳ ነው ወይስ ከቦርሳው የተረፈ ቁርጥራጭ? ቁርጥራጩ ሌላ ገዢ ከሌለው ዋጋውን እዚያ ላይ አትጫኚው፤ 150ው ከፍ ይላል። ግን ቦርሳ ከቀነሰ ቁርጥራጩም ይቀንሳል፣ እሱን እንዳትረሺ።

ቆዳ ሠሪዋ፦ ገሚሱ ቁርጥራጭ ነው፣ ሁሉንም በአዲስ ቆዳ ዋጋ ነው የያዝኩት። ምን ያህሉ እንደሆነ በካሬ ጫማ ለክቼ እመለሳለሁ።