ለሸሪኬ የምልከውን አስተካክሉልኝ፣ ክፍያው ዓርብ ነው

ጠያቂ፦ ፈጠን በሉልኝ። ከሸሪኬ ጋር በግማሽ የገዛነው አይሱዙ አለ፣ የባንኩ ዓርብ ይደርሳል፣ እሱ ዝም ብሏል። የጻፍኩት ይኸው፦ «አንተ ሁሌም ውሸታም ነህ። በኔ ላብ ትነግዳለህ። ሹፌሩንም ያባለግከው አንተ ነህ። ብሩን ባስቸኳይ አስገባ፣ አለዚያ የማደርገውን ታያለህ!» ጠንካራ ግን ጨዋ ይሁን።

የአጋሮው፦ ወንድሜ፣ በጽሑፍ ምን አጣላህ? ሽማግሌ ላክበት። ጅማ ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ጠፋ?

ሒሳብ ያዥ፦ ስድቡ ሁሉ አለ፣ ብሩ ግን የለም። ስንት ነው? የየትኛው ወር?

ጠያቂ፦ ድርሻው በወር 18,000። የጥቅምትንና የታኅሣሥን እኔ ሸፍኛለሁ። የአሁኑ የጥር ነው።

ቆራጡ፦ «ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ» በለው፣ በማግስቱ ይከፍላል።

ሒሳብ ያዥ፦ አይከፍልም። ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፖሊስ ፍርድ ቤት ሂድ ብሎ ይመልሰዋል። በጽሑፍ መጠየቁ ግን ይጠቅመዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውሉን አልፈጸመም ከማለትህ በፊት ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል።

ጠያቂው፣ «ውሸታም» ካልከው መልሱ ስለ ውሸታምነቱ ይሆናል፣ ብሩ ይረሳል። «ሁሌም»ን አውጣና ወሮቹን ጥራ። ሹፌሩ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው። ሦስቱን ወር አንድ ላይ 54,000 ብለህ ከጠየቅከው ደግሞ ስለሚከብደው ምንም ላይሰጥህ ይችላል፤ የዓርቡን ለይ። እንዲህ በለው፦

«ሰላም ዋልክ? የጥቅምትና የታኅሣሥ ድርሻህን፣ 36,000 ብር፣ እኔ ከፍያለሁ፤ ደረሰኞቹን ልኬልሃለሁ። የጥሩን 18,000 እስከ ሐሙስ 9 ሰዓት አስገባ። ለ36,000ው የምትከፍልበትን ቀን ዛሬ ማታ ጻፍልኝ። ሐሙስ ካልገባ ዓርብ እኔ እከፍልና ከጭነት ገቢ ድርሻህ ላይ እቀንሳለሁ።»

ቡና ጫኝ፦ ለደረቅ ቼክም እንዲህ ይጻፋል?

ሒሳብ ያዥ፦ ቼክ ሌላ ነው፣ ለብቻው ጠይቅ።

እህታችሁ፦ አንተ ስትለው ኖረህ ዛሬ «እርስዎ» እንዳትለው፤ ያ ጨዋነት አይደለም፣ ፀብ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓትም አትላከው።

የአጋሮው፦ ሽማግሌ አልኳችሁ እኮ።

ቆራጡ፦ «እቀንሳለሁ» ያልከው ውሉ ላይ ከሌለስ? ያኔ ጥፋተኛው እሱ መሆኑ ቀርቶ አንተ ትሆናለህ።

ሒሳብ ያዥ፦ እሱ ልክ ነው። ውሉን አንብብ፤ ከሌለ ያን ዓረፍተ ነገር አውጣና «ካልገባ ቅዳሜ ሒሳቡን ይዘን ቁጭ እንላለን» በል። የማታደርገውን አትጻፍ።

ጠያቂ፦ ውሉ እሱ ጋ ነው ያለው።

እህታችሁ፦ ኮፒ የለህም?!