ከፍታው 12 ጫማ የሆነ የኪራይ መኪና ይዤ ካምብሪጅ እንዴት ልግባ?

ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቤት ጠቅልለን ወደ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ እንሄዳለን። የተከራየነው 26 ጫማ ርዝመት ያለው መኪና ነው። ከፍታው ከ12 ጫማ ትንሽ ይበልጣል።

የስልኬ ካርታ የሚያሳየኝ የቤት መኪና መንገድ ነው። ኮኔቲከት ላይ ሜሪት ፓርክዌይን ይሰጠኛል፤ እዚያ ግን ከፍታው ከ8 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አይፈቀድም። ቦስተን ስደርስ ደግሞ ወደ ስቶሮ ድራይቭ ይወስደኛል። በየዓመቱ የኪራይ መኪኖች ጣሪያቸው የሚገነጠለው እዚያ ድልድዮች ስር ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ሜሞሪያል ድራይቭም ያው ነው።

ስለዚህ ኮኔቲከትን በአውራ ጎዳና 95 ላቋርጥ፣ ከዚያ በአውራ ጎዳና 90 መጥቼ ኦልስተን ልውጣ፣ በሪቨር ስትሪት ድልድይ ተሻግሬ ልግባ ብያለሁ። እስከዚህ ድረስ ልቤ አርፏል።

የጨነቀኝ የመጨረሻዋ ቅያስ ናት። ጠባብ ናት፣ በሁለቱም በኩል መኪና ይቆማል፣ መታጠፊያዋም አጭር ነው። ከከተማው የማቆሚያ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። ግን ፈቃዱን የት ላስደርገው? በራችን ላይ ካደረግኩት መኪናው ላይታጠፍ ይችላል። ሪቨር ስትሪት ላይ ካደረግኩት ሶፋና ፍሪጅ በእጅ ሩቅ መሸከም ነው። እዚያ ሰፈር ትልቅ መኪና ያስገባችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የቱ ይሻላል?