የጠፋችው የቡድን አባላችን ዕዳ እኛ ላይ መጣ፤ ምን እናድርግ?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። አምስት ሴቶች ሆነን ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም እያንዳንዳችን 30,000 ብር ተበደርን። የምናስይዘው ቤት ስለሌለን እርስ በርስ ዋስ ሆንን። ማን ሠርታ እንደምትከፍል ጎረቤት ይበልጥ ያውቃል ተብሎ አባላቱን የመረጥነው እኛው ነን።

አሁን አንዷ ሱቋን ዘግታ ጠፋች። 18,000 ብር ቀርቶባታል። ለአራት ሲካፈል 4,500 ብር ይደርሰኛል። ከእንጀራ ሽያጭ የማገኘው ግን የራሴን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው የሚሸፍነው። የእሷ ካልተዘጋ ደግሞ ለማናችንም ቀጣይ ብድር የለም ተብለናል።

የግዴታ ቁጠባዋ መጀመሪያ ከዕዳዋ እንዲቀነስ መጠየቅ እንችላለን? ቀሪውንስ በስድስት ወር እንዲከፋፍሉልን ማመልከቻው ላይ ምን ብለን እንጻፍ? ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ሦስቱ እምቢ ካሉ ሙሉው እኔ ላይ ይወድቃል ማለት ነው?