የማድረሻ መዝገቡን ትዕዛዙ ውስጥ ልክተተው ወይስ ለብቻው ላውጣው?

ሰላም ጓዶች፣ ሞንጎዲቢ ላይ የሠራችሁ እርዱኝ። ደብረ ብርሃን ላለ የብርድ ልብስ አከፋፋይ የትዕዛዝ አፕ እየሠራሁ ነው። ደንበኞቹ የደብረ ሲናና የመሐል ሜዳ ባለሱቆች ናቸው።

ደንበኛውን በመለያ ቁጥር ብቻ ነው ያያያዝኩት። ትዕዛዞቹን እሱ ዶክመንት ውስጥ ብከት ማለቂያ የላቸውም፣ የአንድ ዶክመንት ጣሪያ ደግሞ 16 ሜጋባይት ነው። ዕቃዎቹን ግን ከነዋጋቸው ትዕዛዙ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ዋጋ ቢጨምር የዛሬው ደረሰኝ መቀየር የለበትም።

```
{ _id: 1042, customerId: 77,
  items: [{ productId: 5, price: 1800,
            qty: 10, sent: 4 }] }
```

የቸገረኝ ማድረሻው ነው። አሥር ታዝዞ ዛሬ አራት፣ ሌላ ቀን ስድስት ይሄዳል። እዚያው ብከተው `sent` እና የማድረሻ መዝገቡ በአንድ አፕዴት አብረው ይቀየራሉ፣ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ አይቀርም። ሾፌሩ ግን የሚፈልገው የዕለቱን ጭነት ከሁሉም ትዕዛዝ ሰብስቦ ማየት ነው፣ ለዚህ `$unwind` ልጠቀም ነው። ለብቻው ባወጣው የሾፌሩ ገጽ ይቀላል፣ ግን ሁለቱን አብሮ ለመጻፍ ትራንዛክሽን ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሬፕሊካ ሴት ይጠይቃል፣ የኔ ሰርቨር ነጠላ ነው።

አንድ ትዕዛዝ ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው የሚጫነው። እናንተ ብትሆኑ ከትታችሁ በማድረሻው ቀን ላይ ኢንዴክስ ትሠሩ ነበር ወይስ ለብቻው አውጥታችሁ ሬፕሊካ ሴት ታዋቅሩ ነበር?