የፊዚዮሎጂ ኖቴን ለጆሮ ስጽፍ ሠንጠረዡ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአጋሮ ጅማ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ነው የምማረው። መንገድ ላይ እየሰማሁ እንዳጠና የሴሚስተሩን ኖት በንግግር መልክ እየጻፍኩ እቀዳለሁ።

ቀስት ያለበትን ሁሉ ዓረፍተ ነገር አደረግኩት፦ «የደም ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን ይለቃል። ሬኒን አንጂዮቴንሲኖጅንን ወደ አንጂዮቴንሲን አንድ ይቀይራል።» ከዚያ ጥያቄ፣ ትንሽ ዝምታ፣ መልስ። ይሄ በጣም ሠርቶልኛል።

ሠንጠረዥ ላይ ግን ተያዝኩ። ሲምፓተቲክና ፓራሲምፓተቲክ የነርቭ ሥርዓቶችን በየአካሉ እያነጻጸርኩ ሳነብ፣ ልብ ላይ ሲምፓተቲክ ምቱን ያፈጥናል፤ ሳንባ ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧውን ያሰፋል። ጥቂት አካላት እንዳለፍኩ የትኛው የቱን እንደሚያደርግ ይምታታብኛል። አንዱን ሥርዓት ጨርሼ ወደ ሌላው ብሄድ ደግሞ ንጽጽሩ ይጠፋል።

እናንተ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ለድምፅ እንዴት ጻፋችሁት? እባካችሁ ሁለት ሦስት መስመር ናሙና አሳዩኝ።