«ጠቅላላ ትርፍ» ካለ በኋላ ሌላ ትርፍ ከየት ይመጣል?

የገላኑ፦ ሰላም ቤተሰብ። ገላን ካለ አንድ ቀለም ፋብሪካ አክሲዮን ግዛ ተብዬ የ2016 በጀት ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫቸውን ሰጡኝ። ቁጥሩ ሳይሆን አማርኛው ያዘኝ። ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይነበባል፦

ሽያጭ 24,000,000
የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ (17,400,000)
ጠቅላላ ትርፍ 6,600,000
የሽያጭና ማከፋፈያ ወጪ (1,500,000)
የአስተዳደር ወጪ (2,300,000)
ከሥራ የተገኘ ትርፍ 2,800,000
የባንክ ወለድ (1,600,000)
ከግብር በፊት ትርፍ 1,200,000
የትርፍ ግብር (450,000)
የተጣራ ትርፍ 750,000

«ጠቅላላ» ማለት ሁሉን ያካተተ፣ የመጨረሻው ድምር አይደለም እንዴ? ታዲያ ሦስተኛው መስመር ላይ ምን ይሠራል? ሰውየው ሲያስረዳኝም «ትርፋችን ስድስት ነጥብ ስድስት ሚሊዮን ነው» ነው ያለኝ።

ደብተራው፦ ስሕተቱ ከትርጓሜው ነው። «ጠቅላላ» ከጠቀለለ ይወጣል። የተጠቀለለ ነገር ደግሞ ገና አልተፈታም፤ ውስጡ ገለባም ፍሬም አለ። ስለዚህ ያ ትርፍ ወጪውን በሆዱ ጠቅልሎ የያዘ ነው። «የተጣራ» ግን ከግዕዙ ጸርየ ነው፤ ጽሩይ ወርቅ እንደምንለው።

ሾላ ገበያ፦ እኔ ደግሞ «የተጣራ ትርፍ» ሲባል ማንን ተጣርቶ ይሆን እል ነበር። ለባለአክሲዮኑ ከሆነ ድምፁ አልደረሰም 😄

ደብተራው፦ ያ ጠራ ሌላ ነው፤ ግዕዙ ጸውዐ ነው። ቀልዱን ግን ወድጄዋለሁ።

ሰበታ 07፦ ነገሩ ቀላል ነው። ጠቅላላ ደመወዝና የተጣራ ደመወዝ እንደሚባለው ነው። ጠቅላላ ማለት ምንም ሳይቀነስ፣ የተጣራ ማለት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ።

ኦዲተር ነኝ፦ ወንድሜ ሰበታ፣ ግማሹን ይዘሃል። ጠቅላላ ደመወዝ ላይ በእርግጥ ምንም አልተቀነሰም። ጠቅላላ ትርፍ ላይ ግን 17.4 ሚሊዮኑ አስቀድሞ ወጥቷል። ምንም ያልተቀነሰበት መስመር ሽያጩ ነው። የገላኑን ያደናገረውም ይኸው ነው፦ ጠቅላላ ትርፍ ከሁለት ቁጥሮች ብቻ የተገኘ፣ ቀለሙን ለማምረት የወጣውን ብቻ ከሽያጩ ቀንሶ የቀረ ነው። የኪራዩ፣ የጥበቃው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ የባንኩ፣ የመንግሥቱ ድርሻ ገና አልተነካም። ሰውየው የነገረህ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን ለባለአክሲዮን ከሚከፋፈለው ጋር አይገናኝም። የአንተ ጉዳይ 750 ሺው ነው፤ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ ሦስት ብር ከምናምን።

ደብተራው፦ እንግዲያውስ «ያልተጣራ ትርፍ» ይባል! ጠቅላላ ብሎ ሕዝብ ማደናገር ምን አመጣው? ቅቤ እንኳ ሳይነጠር «ጠቅላላ ቅቤ» አይባልም።

የኔታ፦ ልጄ፣ «ያልተጣራ» አማርኛው ይሻላል ብለህ ነው? ያልተጣራ ወሬ፣ ያልተጣራ ጠላ፤ ሰሚው ጉድፍ ያለበት ይመስለዋል። ያም ሆነ ይህ «ትርፍ» ራሱ ከተርፈ፣ ቀሪ ከሚለው ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ባለ ድርሻ በልቶ የተረፈ ነው፤ ስለዚህ ትርፉ አራት ጊዜ ቢጠራ አይገርምም።

ደብተራው፦ የኔታ፣ በአክብሮት፣ ባልተጣራ ጠላ አይከራከሩኝ። ባንኮቹም በሪፖርታቸው «ያልተጣራ» ሲሉ አይቻለሁ።

ሰበታ 07፦ አንድ ነገር ግን አለ። ገቢ ማለት የገባ ማለት ነው። ፋብሪካው በደረሰኝ የሰበሰበው ከነቫቱ 27.6 ሚሊዮን ነው። ለምን 24 ብቻ ተጻፈ? 3.6 ሚሊዮን የት ገባ?

ኦዲተር ነኝ፦ የትም አልገባ፤ የመንግሥት ነው። 15 በመቶውን ፋብሪካው ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ሽያጭ አይደለም። ደግሞም የመጀመሪያው መስመር የገባ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የተሸጠ ነው። ዕቃው ወጥቶ ደረሰኝ ተቆርጦ ገንዘቡ ገና በዱቤ ደብተር ላይ ቢሆንም እዚያ ተቆጥሯል።

ባለ ብሎኬቷ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ። ለገጣፎ ብሎኬት ማምረቻ አለኝ። ለባንክ በዓመት 400 ሺህ ዋናውን ብድር መልሻለሁ፣ ሒሳብ ሠራተኛዬ ግን ወለዱን ብቻ ነው ወጪ ያደረገው። 400 ሺውን በላብኝ ማለት ነው?

ኦዲተር ነኝ፦ አልበላብሽም እህቴ። ብድሩን ስትቀበዪ ገቢ አላልሽውም፤ ስትመልሺም ወጪ አይባልም። ዕዳሽ ቀነሰ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ በሚባለው ሌላ ሰነድ ላይ ይታያል። ለዚህ ነው መግለጫው ትርፍ እያሳየ ካዝናው ባዶ የሚሆነው።

የገላኑ፣ ወደ አንተ ልመለስ። እኔ ብሆን ከቃሉ ይልቅ 17.4 ሚሊዮኑ እንዴት እንደተገኘ እጠይቅ ነበር። ማብራሪያው አብሮህ አለ?

የገላኑ፦ አለ። የመነሻ ክምችት 3.1፣ በዓመቱ የማምረቻ ወጪ 18.5፣ የመጨረሻ ክምችት 4.2 ሚሊዮን ይላል።

ኦዲተር ነኝ፦ በል እንግዲህ፦ 3.1 ሲደመር 18.5፣ 21.6። ከዚያ 4.2 ሲቀነስ 17.4። የመጨረሻው ክምችት የሚቀነስ ስለሆነ እሱ በጨመረ ቁጥር ወጪው ያንሳል፣ ትርፉ ያብጣል። አንድም ቀለም ሳይሸጥ። አሁን ከ4.2 ሚሊዮኑ ውስጥ አንዱ ሚሊዮን ባልዲው ውስጥ የደረቀ ቀለም ነው እንበል። ያ ሚሊዮን ከክምችቱ መውጣት አለበት፤ ጠቅላላ ትርፉ 5.6 ይሆናል፣ ከግብር በፊት ያለው 1.2 ሚሊዮን ደግሞ 200 ሺህ ብቻ ይቀራል። መጋዘን ውስጥ ያለ አንድ ስሕተት ከታች ያለውን ሁሉ ይበላል።

ክምችቱ ከአምናው በ1.1 ሚሊዮን አድጓል። ሽያጩም በዚያው ልክ አድጎ ከሆነ ግድ የለም። ሽያጩ ካለበት ካልተነቃነቀ ግን የሰኔ 30ን የቆጠራ ወረቀት አምጡ በል። የቆጣሪው ፊርማ፣ የተመረተበት ቀን፣ ለአንድ ባልዲ የተሰጠው ዋጋ ይኑርበት። ዋጋው የመሸጫ ሳይሆን የማምረቻው መሆን አለበት፤ ከማምረቻው በታች ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ በዚያ ዝቅተኛ ዋጋ። ከዚያ የሐምሌን ደረሰኞች ተመልከት፦ ተቆጠረ የተባለው ቀለም በእርግጥ እየተሸጠ ነው?

ሾላ ገበያ፦ «ክምችት» ከከመቸ ነው ወይስ ከአከማቸ? 😄

ደብተራው፦ አትጀምር።

የገላኑ፦ አመሰግናለሁ። አንዲት ነገር ብቻ፦ የድርጅት ግብር 30 በመቶ አይደል? የ1.2 ሚሊዮን 30 በመቶ 360 ሺህ ነው። 450 ለምን ተጻፈ?

ሰበታ 07፦ ቅጣት ተጨምሮበት ይሆናል።

ኦዲተር ነኝ፦ ቅርብ ነህ፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። 450 ሺህ የ1.5 ሚሊዮን 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ግብር ሰብሳቢው 300 ሺህ ወጪ አልቀበልም ብሎ መልሶ ደምሮበታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቅጣት፣ ወይም ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ግዥ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን በእርግጥ አውጥቶታል፣ ግብሩን ግን እንዳላወጣ ሆኖ ይከፍልበታል። የትኛው እንደሆነ ጠይቃቸው፤ ደረሰኝ የሌለው ግዥ ከሆነ በሚቀጥለውም ዓመት ይደገማል።

የኔታ፦ «ግብር»ም በግዕዙ ሥራ ነው፤ ገብረ፣ ሠራ። በድሮው አማርኛ ደግሞ የቤተ መንግሥት ድግስ። እዚህ ግን ማን እንደበላ ግልጽ ነው።

ደብተራው፦ እስማማለሁ። ግን «ያልተጣራ ትርፍ» የሚለውን አልተውኩም፤ ነገ ሁለት ማስረጃ ይዤ እመጣለሁ።