«ውሉን ያፈረሰ ወገን» ሲል ምን ማለቱ ነው? ኃላፊ፣ ካሳ እና ፈራሽ በኪራይ ውል ውስጥ

ዘንባባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ኪራዩ በወር 7,000 ብር። አራት ወር እንደኖርኩ መሥሪያ ቤቴ ወደ ደብረ ታቦር አዛወረኝ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው ሦስት ቦታ ላይ ግራ ገባኝ። እንዳለ ልጻፈው፦

«ተከራይ በቤቱ ላይ ለሚደርሰው ማናቸውም ጉዳት ኃላፊ ነች።»

«ከቤቱ ጋር በተያያዘ ሦስተኛ ወገን አከራይን ካሳ ቢጠይቅ፣ ተከራይ ካሳውን ሸፍና አከራይን ነፃ ታወጣለች።»

«ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ወገን 20,000 ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 1889 መሠረት የጸና ይሆናል።»

በጣም የከበደኝ የመጨረሻው ነው። የፈረሰ ውል እንዴት መልሶ ይጸናል?

የሰባታሚት ልጅ፦
ቀላል ነው እህቴ። ፈራሽ ማለት እንደሌለ የሚቆጠር ማለት ነው። 20,000 ትከፍያለሽ፣ ውሉ ይፈርሳል፣ ዕቃሽን ጭነሽ ትሄጃለሽ። ገደብ የመውጫ ዋጋ ነው።

ጋሽ ብራና፦
ወንድሜ፣ ፈራሽን በትክክል ተርጉመሃል። ግን የዘንባባ ውል ውስጥ ያለው ቃል እሱ አይደለም። እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ውልና ማመልከቻ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ያልተጣላ ሰው አላየሁም።

ሕጉ ላይ «ፈራሽ» የሚባለው ከአፈጣጠሩ ጉድለት ያለበት ውል ነው። ፈራሚው ተገዶ ወይም ተታልሎ ከሆነ፣ ወይም የተዋዋሉበት ጉዳይ ሕግ የከለከለው ከሆነ። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት ሲያፈርሰው ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

«ውሉን ያፈረሰ ወገን» ሲል ግን ቃሉን ያላከበረ፣ ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ማለቱ ነው። የተሰበረው ቃል ነው እንጂ ውሉ በሕግ ፊት እንደቆመ ነው። ለዚህ ነው ቀጥሎ «የጸና ይሆናል» የሚለው። ቁጥር 1731 የሚለውም ይህንኑ ነው፤ በደንብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ስለዚህ 20,000 የመውጫ ዋጋ አይደለም፤ ገደብ ማለት ቃሉን ያላከበረ ወገን እንዲከፍል አስቀድሞ በውሉ የተቆረጠ ገንዘብ ነው።

ዘንባባ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ 20,000ውንም የቀሩትን ስምንት ወራት ኪራይም ልከፍል ነው? 56,000 እኮ ነው!

ጋሽ ብራና፦
አይዞሽ። ሁለቱንም ባንድ ላይ መጠየቅ በመርሕ አይችልም። ሕጉ ወይ ውሉ ይፈጸምልኝ በል፣ ወይ ገደቡን ውሰድ ነው የሚለው። ሁለቱ አብረው የሚጠየቁት ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ ሲባል የተቀመጠ ከሆነ ነው። ለምሳሌ «ኪራይ ያዘገየች 500 ብር ትከፍላለች» ቢል ኖሮ 500ውም ኪራዩም ይጠየቅ ነበር።

ገደቡን ከመረጠ ደግሞ ምንም ባይጎዳም ያገኘዋል። በማግስቱ ሌላ ተከራይ ቢያስገባ እንኳ «ምን ቀረብህ?» ብለሽ ብቻ አታመልጪም። በሌላ በኩል ጉዳቴ ከ20,000 ይበልጣል ቢል፣ ሆን ብለሽ ልትጎጂው ወይም በከባድ ቸልተኝነት እንዳደረግሽው ካላሳየ ትርፉን አያገኝም። የውሉን ከፊል ስለፈጸምሽ ዳኛው ገደቡን ሊቀንሰው ይችላል። አራት ወር መኖርሽ ምን ያህል ያስቀንሳል የሚለው የዳኛው ነው፤ ተመን የለውም።

የሰባታሚት ልጅ፦
«የጸና ይሆናል» የሚለውን ተስማምታ ፈርማለች እኮ። ሁለቱንም እከፍላለሁ ብላ እንደፈረመች አይቆጠርም?

ጋሽ ብራና፦
እንዲያ ብለው የሚከራከሩ ጠበቆች አሉ፤ ባዶ ክርክርም አይደለም። ለእኔ አይዋጥልኝም። ሐረጉ ከውል ወደ ውል ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ ተዋዋዮቹ አስበውበት የጻፉት አይመስለኝም። ግን ዳኛ ፊት እንዲህ ነው ብዬ አልምልልሽም።

የሽምብጥ እናት፦
እኔ አከራይ ነኝ ልጆቼ። እናንተ ስለ ወረቀት መፍረስ ታወራላችሁ፣ የእኔ ተከራይ ቤቱን ነው ያፈረሰው። የበር ቁልፉ ተሰብሯል፣ የቧንቧው እጀታ የለም። በዚያ ላይ ባለፈው ክረምት ከጣና በኩል የተነሣ ንፋስ ቆርቆሮ ገንጥሎ የጎረቤት ባጃጅ ላይ ጣለው። ጎረቤቴ እኔን ነው የያዘው። «ኃላፊ» ብሎ የፈረመው ተከራዬ ነው፣ እሱ ይክፈል አልኩ። ተሳሳትኩ?

ጋሽ ብራና፦
እናቴ፣ ሁለቱን እንለያያቸው። ቁልፉና ቧንቧው ተከራዩ ሲገለገልበት ከተሰበረ የእሱ ነው፤ አነስተኛ ጥገናን ሕጉም ወደ ተከራይ ያደርገዋል። ኃላፊ ማለት እዚህ ላይ ሒሳቡ የሚላክበት ሰው ማለት ነው። ጥፋተኛ ከማለት ይለያል፤ አንዳንዴ ሰው ምንም ሳያጠፋም ኃላፊ ይሆናል።

የቆርቆሮው ጉዳይ እንደዚያ ነው። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ባያውቀውም። ስለዚህ ጎረቤትዎ ትክክለኛውን ሰው ነው የያዘው። «ተከራዬ ፈርሟል» ብለው ጎረቤትዎን መመለስ አይችሉም፤ እሱ ያንን ወረቀት አልፈረመም። እርስዎ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ውልዎ ውስጥ እንደ ዘንባባ ሁለተኛ አንቀጽ ያለ ነገር ካለ ዞረው ተከራዩን ይጠይቃሉ። «ካሳ ሸፍኖ ነፃ ማውጣት» የሚባለው ይህ ነው። ዘንባባ፣ ከሦስቱ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የምትከፍይው በሌላ ሰው ላይ የመጣ ዕዳ ነው፤ መጠኑም አልተጻፈም።

የሽምብጥ እናት፦
ቆርቆሮው ያረጀ ነበር፣ አልዋሽም።

ጋሽ ብራና፦
እንግዲያው ተከራዩ ጥሩ መልስ አለው። ከእርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ነገር የመጣ ጥገና የተከራይ አይደለም። ያልጠገኑትን ጣሪያ ዕዳ በአንድ መስመር ለእሱ ማሸከም ይቻላል ወይ የሚለው ያከራክራል።

ታንኳ፦
እኔ ደግሞ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የምሠራው። ውሌ «ሳያስጠነቅቅ የለቀቀ የሦስት ወር ደመወዝ ይከፍላል» ይላል። ይህ ሕገ ወጥ ነው ሲሉኝ ሰማሁ። ታዲያ ውሌ በሙሉ ፈራሽ ነው? ነገ ብቀር ምንም አይሉኝም?

ጋሽ ብራና፦
ቀስ በል ወንድሜ፣ እንዳትቀር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሳይሰጥ ከለቀቀ የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከዚያ በላይ ያለው አያስኬድም። ግን የሚወድቀው ያ አንቀጽ ብቻ ነው፣ የቀረው ውል ይቆማል። ደመወዝህም፣ የማስጠንቀቅ ግዴታህም።

ታንኳ፦
ዕቃ ሲጠፋ ከደመወዜ እየቆረጡ ነው፤ ያኛውስ?

ጋሽ ብራና፦
እንዲቆረጥ በጽሑፍ ተስማምተህ እንደሆነ እየው። ተስማምተህም ቢሆን ባንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። ውሉን ሳላይ ከዚህ አላልፍም።

ዘንባባ፦
እኔስ ነገ አከራዬን ምን ልበላቸው?

ጋሽ ብራና፦
መጀመሪያ የመሥሪያ ቤትሽን የዝውውር ደብዳቤ አሳያቸው። ዝውውር በራሱ ከውሉ ነፃ አያወጣሽም፣ ግን ሰው ነውና ልባቸው ሊራራ ይችላል። ምትክ ተከራይ ፈልጊላቸው። ከተስማሙ በቃል አትለያዩ። ውሉ ከዚህ ቀን ጀምሮ በስምምነት መቋረጡን፣ ቤቱን በምን ሁኔታ እንደተረከቡ፣ ገደቡን አለመጠየቃቸውን ጽፋችሁ «ከዚህ በኋላ የምንጠያየቀው የለም» ብላችሁ ፈርሙ። ሁለት ምስክርም ይፈርም። አንዱ ቅጂ አንቺ ጋ ይቅር።

ዘንባባ፦
የሁለተኛው አንቀጽ ዕዳስ? ከወጣሁ በኋላ በኖርኩባቸው አራት ወራት ደረሰብኝ የሚል ጎረቤት ቢመጣ?

የሰባታሚት ልጅ፦
«የምንጠያየቀው የለም» ካሉ አለቀ።

ጋሽ ብራና፦
እንደ አጻጻፉ ነው። ገና ያልታወቀውን ዕዳ ይጨምራል አይጨምርም የሚል ክርክር እንዳይመጣ «የታወቀም ሆነ ወደፊት የሚነሣ፣ የሦስተኛ ወገን ጥያቄን ጨምሮ» የሚል ጨምሪበት። አከራይሽ እዚያ ላይ እንቢ ካሉ ተመልሰሽ ጻፊልኝ።